«በትሕትና እንጠይቃለን» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ደብዳቤዎችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «እንዲፈጸምልን በትሕትና እንጠይቃለን» የሚለውን ቃል በቃል ስተረጉመው ሥራ አስኪያጄ «ለማኝ አስመሰልሽን» ይሉኛል። የእንግሊዝኛውን «ፕሊዝ» «እባክዎ» ብዬ ስጽፈው ደግሞ ደንበኞች ታዘዝን ብለው ይቀየማሉ። አክብሮቱ ሳይጎድል፣ ሐሳቡም ሳይዛባ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ሥራ አስኪያጅዎ በከፊል ልክ ናቸው፤ ደንበኞቹ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። አማርኛ አክብሮትን የሚያኖረው በግሡ አካል ውስጥ ነው። «እንዲልኩልን» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የአንቱታው መደብ አለ፤ ትእዛዙን ወደ ልመና የሚያለዝበው «እንዲ-» አለ፤ ድርጊቱ ለእኛ የሚዋል ውለታ መሆኑን የሚናገረው «-ልን» አለ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ በግሡ ውስጥ ቦታ ስለሌለው አክብሮቱን ወደ ረዳት ግሦችና ወደ ጥያቄ መልክ ያወጣዋል።

«እንግሊዝኛ ቀጥተኛ ቋንቋ ነውና ትሕትናውን ጥላችሁ ፍሬ ነገሩን ብቻ መልሱ» የሚል ምክር በትርጉም ሥልጠናዎች ላይ ሲሰጥ እሰማለሁ። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች «ኩድ» እና «ዉድ» የሚባሉትን ቃላት ልብ ብለው ያዩዋቸው አይመስለኝም። ሁለቱም በታሪካቸው የ«ካን» እና የ«ዊል» ኀላፊ ጊዜ መልኮች ናቸው፤ ጸሐፊው የአሁን ፍላጎቱን በኀላፊ መልክ እየጻፈ ከተቀባዩ ያርቀዋል፣ ለእምቢታም ቦታ ይተውለታል። እኛም በንግግር «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ፍላጎቱ አሁንም አለና። (በደብዳቤ ላይ ግን ይህን «ነበር» አልወደውም፤ ጸሐፊው ሐሳቡን የቀየረ ያስመስለዋል።) ስለዚህ እንግሊዝኛው አክብሮት አላጣም፤ እርስዎም ሲተረጉሙ ከግሡ አውጥተው በዚያኛው ቋንቋ ወደሚኖርበት ቦታ ያዛውሩታል እንጂ አይጥሉትም።

ወደ «ትሕትና» ልምጣ፤ ሥራ አስኪያጅዎን ያስቆጣው ይህ ቃል ነውና። ምንጩ የግእዙ «ታሕት» ነው፤ «ታች» የምንለውም ከዚያው የወጣ ነው። የእንግሊዝኛው «ሀምብል» ደግሞ በላቲኑ «ሁሚሊስ» በኩል «ሁሙስ» ከሚለው፣ ምድር ወይም አፈር ማለት ከሆነው ቃል ይወርዳል። በሥር ከተመዘነ ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ጥንድ ማግኘት አይቻልም፤ ሁለቱም ራስን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ ናቸው። ግጥሙ ግን በሥሩ ላይ ያበቃል። የአማርኛው «በትሕትና» በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ከመደጋገሙ የተነሣ ጎልቶ የማይሰማ የልማድ መዝጊያ ሆኗል፤ «ሀምብሊ» ግን ዛሬ ለፍርድ ቤት ወይም ለንጉሥ በሚቀርብ አቤቱታ ካልሆነ እምብዛም ስለማይገባ፣ አንዱ ነጋዴ ለሌላው ሲጽፈው ወይ ልመና ወይ ቀልድ ይመስላል። በሥር የተገናኙት ቃላት በአገልግሎት ተለያይተዋል።

እኔስ ብጠየቅ በንግድ ደብዳቤ ውስጥ «በትሕትና» ከሚለው ይልቅ «በአክብሮት»ን እመርጣለሁ። «ከበረ» ከዐረብኛው «ከቢር»፣ ትልቅ ከሚለው ቃል ጋር ዘመዳም ነው። «በትሕትና» ጸሐፊውን ዝቅ ሲያደርግ «በአክብሮት» ተቀባዩን ከፍ ያደርጋል፤ እኩል ለእኩል በሚጻጻፉ ድርጅቶች መካከል የሚያስፈልገውም ሁለተኛው ነው። ይህን ልዩነት ዛሬ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለቱንም አስከትሎ «በትሕትናና በአክብሮት» የሚጽፈው ይበዛል፤ ልማዱ ወዴት እንዳዘነበለ መካድ አልችልም።

አሁን አንድ ደብዳቤ እንያዝ። ድርጅትዎ ዕቃ አስረክቦ ገንዘቡ ስላልተከፈለው እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «በመስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ያስረከብናችሁ ዕቃ ቀሪ ክፍያ እስካሁን ያልተፈጸመልን በመሆኑ ሥራችን ላይ ጫና የፈጠረብን ስለሆነ፣ ክፍያው በአስቸኳይ ይፈጸምልን ዘንድ የተለመደ ትብብራችሁ እንዳይለየን እንጠይቃለን።» ይህ ማንም አማርኛ አንባቢ ሳይደናቀፍ የሚረዳው፣ ደንበኛ የማያስቀይም ዐረፍተ ነገር ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ግን እንግሊዛዊው አንባቢ ሦስት ነገር ያጣል፦ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈል፣ «ትብብር» የተባለውም ምን እንደሆነ።

ከፋዩን የሰወረው ተደራጊው ግሥ ነው። «ያልተፈጸመልን» እና «ይፈጸምልን» አድራጊውን አይጠሩም፤ አማርኛው አንባቢ ግን «ለ» ተብሎ በራስጌው ከተጻፈው አድራሻ አድራጊውን ስለሚያውቅ «አልከፈላችሁም» ተብሎ ፊት ለፊት ሳይወቀስ መልእክቱ ይደርሰዋል። እንግሊዝኛውም ተደራጊ ግሥ አለውና ወቀሳው ባለበት፣ ክፍያው አለመድረሱን በሚናገረው ክፍል፣ ተደራጊውን ያቆዩት፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ። ጥያቄው ባለበት ክፍል ግን አድራጊውን «ዩ» ብለው ያውጡትና አክብሮቱን በ«ኩድ» ይመልሱለት፦ «ዊ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር የ«-ልን»ን ውለታም የ«እንዲ-»ን ልስላሴም ይሸከማል። «የተለመደ ትብብራችሁ እንዳይለየን» የሚለውም በዚያው ውስጥ ተጠቃሏል፤ ለብቻው ቢተረጎም አንባቢው ሌላ ተጨማሪ ነገር የተጠየቀ ይመስለዋል።

አንድ ትንሽ ምዕላድ ግን እንዳይወድቅብዎ እለምናለሁ። «የፈጠረብን» በሚለው ውስጥ ያለው «-ብ-» የ«-ል-» ተቃራኒ ነው፤ ነገሩ በእኛ ላይ፣ በጉዳታችን የሆነ መሆኑን ይናገራል። «ዕቃው ዘግይቷል» ዜና ነው፤ «ዕቃው ዘግይቶብናል» ግን ማንንም ሳይጠራ ወቀሳን ያደርሳል። እንግሊዝኛ ይህን በአንድ ፊደል ሊለው ስለማይችል ብዙ ተርጓሚዎች ይዘሉታል፤ አቤቱታ የነበረው ደብዳቤም መረጃ ሆኖ ይደርሳል። መዘግየቱ ሥራችሁን እንዴት እንደጎዳው የሚናገር አጭር ሐረግ መጨመር ትርፍ አይሆንም፤ ምዕላዱ ውስጥ ያለውን ማውጣት ነው።

ቀኑ ላይ አክብሮት ምንም አይረዳም። መስከረም 13 ቀን 2017 ማለት ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 ነው፤ ወሩን ብቻ ቀይረው ዓመቱን እንዳለ ቢተዉት ወይም «ዓ.ም.»ን ያለ ማስታወሻ ቢያሻግሩት ተቀባዩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይወርሳል። አሁን የምንገለገልበት የንግድ ሕግ ራሱ በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ ቁጥር 1243/2013፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ 1243/2021 ሆኖ መታተሙን ያስታውሱ፤ የአማርኛውን ቁጥር በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ውስጥ እንዳለ የሚጠቅስ ሰው በዚያ ዓምድ የሌለ አዋጅ ይጠቅሳል። «በአስቸኳይ» የሚለው ግን ተርጓሚ ሊያርመው የማይገባ ጉድለት ነው። ቀን ከልብዎ አይጨምሩ፤ ወደ ሥራ አስኪያጅዎ ይዘውት ይሂዱና «እስከ መቼ ልበል?» ብለው ይጠይቁ። «እስከ ጥቅምት 20 ድረስ» ካሉ፣ «ባይ 30 ኦክቶበር 2024» ይሆናል።

ይህን የምለው ለቋንቋው ጥራት ብቻ ብዬ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1772 እና 1773 እንደሚለው፣ ተዋዋዩ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ማስጠንቀቂያውም እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ መሆን ይገባዋል። ገንዘቡን፣ የደረሰኙን ቁጥርና ቀኑን የያዘ ደብዳቤ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ይህን ያደርጋል። ትብብር እንዳይለየን ብቻ የሚመኝ ደብዳቤ ግን «ሰላምታ መስሎኝ ነበር» ለሚል ተከራካሪ በር ይከፍታል። (ስለ ሕግና ትርጉም የሚጽፍ ሁሉ እዚህ ላይ የውጫሌን ውል ያነሣል፤ እኔ አልፈዋለሁ።)

ወደ ተገላቢጦሹ ስንመጣ ደንበኞቹ የተቀየሙበት ምክንያት ግልጽ ነው። «እባክዎ ቀሪውን ሒሳብ ይክፈሉ» የሚለው «እባክዎ በሩን ይዝጉ» ተብሎ በር ላይ እንደሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ «ይክፈሉ» ትእዛዝ አንቀጽ ስለሆነ ፊቱ የቆመው «እባክዎ» አያድነውም። ግሡን ወደ ዘንድ አንቀጽ ይመልሱት፦ «ቀሪውን ሒሳብ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ገቢ እንዲያደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ይህ «እንዲ-» ከ«እንደ» እና ከመደቡ «ይ-» የተዋሐደ ነው፤ አባቶች «ያደርጉልን ዘንድ» ይሉት የነበረውን ቦታ ወርሷል። «ፕሊዝ» የሚለው ቃል በአማርኛው ውስጥ የትም አይታይም፤ ግን ሙሉ በሙሉ ተተርጉሟል።

«ዩ» ሌላ ምርጫ ያስከትልብዎታል። እንግሊዝኛው አንዱንም ብዙውንም፣ የተከበረውንም ያልተከበረውንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ውሳኔው የእርስዎ ነው፦ ለድርጅት ሲሆን «እናንተ»፣ ለአንድ ባለሥልጣን ወይም ባለቤት ሲሆን «እርስዎ»። («እርስዎ» ከግእዙ «ርእስ»፣ ራስ ከሚለው የመጣ መሆኑን በዚሁ ልጨምር።) ስሕተቱ የሚፈጠረው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ «ትብብርዎ እንዳይለየን እየጠየቅን ሰነዱን እንድትልኩልን» የሚል ደብዳቤ በጠረጴዛዬ አልፏል። ጽፈው ሲጨርሱ ሌላውን ሁሉ ትተው የግሦቹንና የስሞቹን መጨረሻ ብቻ ተከታትለው ያንብቡ፤ ድብልቁ ወዲያው ይታያል።

ስለ ራስጌና ግርጌ ብዙ አልልም። «ከሠላምታ ጋር» ለማንኛውም የእንግሊዝኛ መዝጊያ ይበቃል፤ ፊደሉ ግን በግእዙ እሳቱ «ሰ» ነውና «ሰላምታ» ተብሎ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። የእንግሊዝኛውን «ዲር» «ውድ» ብሎ መተርጎምን በተመለከተ፣ ሁለቱም ቃላት የተወደደንም ዋጋው የከበደንም ስለሚሉ ግጥማቸው ፍጹም ነው የሚሉ አሉ። ግጥሙን አልክድም። ነገር ግን የአማርኛ ደብዳቤ «ይድረስ ለ» ወይም «ለ» ብሎ ተቀባዩን በማዕረጉ ሲጠራ የኖረ ነው፤ ለማላውቀው የሒሳብ ሹም መውደዴን የምገልጽበት ምክንያት አይታየኝም። ይሁንና «ውድ ደንበኛችን» የሚል መልእክት በየስልኩ መግባት ከጀመረ ቆይቷል፤ የሚቀየምበትም ሰው አላየሁም። ስለዚህ እርስዎ ቢጽፉት ስሕተት ነው ልልዎ አልችልም፤ እኔ ግን አልጽፈውም።