ዝምታን፣ «ኧ»ን እና «ማለት»ን ከቃለ ምልልስ ለይቶ ስለማውጣት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። አጋሮ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ ቡና አምራች አባት ጋር ያደረግሁትን የ52 ደቂቃ ቃለ ምልልስ አውዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር ወደ 35 ደቂቃ ላሳጥረው እፈልጋለሁ። Truncate Silence የሚለውን ሞከርሁ፤ የቃላት መጨረሻ እየተቆረጠ ንግግሩም ትንፋሽ ያጠረው መሰለ። ‹ኧ› እና ‹ማለት› ግን አንዳቸውም አልወጡም። መሃል ላይ ዝናብ የጣለበት ክፍልማ ጭራሽ አልተነካም። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ የላኩልኝን ፋይል አዳምጫለሁ። በመጀመሪያ ራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ ይተዉትና የሚጠቁም ብቻ ይጠቀሙ። በፋይሉ ውስጥ ያለው ዝምታ ሁሉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በዝርዝር ይውጣ፤ ዝርዝሩ ከጽሑፍ ግልባጩ ጋር ይናበብ፤ መቁረጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዝርዝሩን ለማውጣት በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራው `ffmpeg` ይበቃል፤ ነገር ግን የዝምታውን ወሰን፣ ማለትም ከየትኛው የድምፅ መጠን በታች ያለው ዝምታ እንደሚባል፣ በግምት ካስገቡለት የሚሰጥዎት ውጤት አሁን ካገኙት አይሻልም። ወሰኑ ከቀረጻው ከራሱ መለካት አለበት። ማንም የማይናገርበት፣ የክፍሉ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ጥቂት ሴኮንድ ይፈልጉ። በእርስዎ ፋይል ከ31ኛው ሴኮንድ ጀምሮ አራት ሴኮንድ ያህል እንዲህ ያለ ቦታ አለ።

```
ffmpeg -ss 31 -t 4 -i buna.wav -af highpass=f=100,volumedetect -f null -
```

ይህ ትእዛዝ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች የሚያስፈልገን `max_volume` እንጂ `mean_volume` አይደለም። ምክንያቱም ዝምታ ፈላጊው አማካዩን አይመለከትም፤ ከወሰኑ በላይ ብቅ ያለች አንዲት ቅጽበታዊ ድምፅ ካገኘ ዝምታው ተቋርጧል ብሎ ይደመድማል። የወንበር መንቋቋት ወይም የሲኒ መጋጨት አንዱን የሦስት ሴኮንድ ዝምታ ለሁለት የሚከፍለው በዚህ የተነሳ ነው። በፋይልዎ የተገኘው ከፍተኛ መጠን -45 ዲሲቤል አካባቢ ስለሆነ፣ አምስት ዲሲቤል ያህል ከፍ አድርጌ -40ን ወሰን አድርጌያለሁ። `highpass` ከ100 ኸርትዝ በታች ያለውን፣ ከመንገድ የሚመጣ የመኪና ጉርምርምታና ጠረጴዛው ሲነካ የሚፈጠረውን ንዝረት፣ ለልኬታው ሲባል ብቻ ያስወግዳል፤ ዋናው ፋይል አይነካም።

```
ffmpeg -nostats -i buna.wav -af "highpass=f=100,silencedetect=noise=-40dB:d=0.5" -f null - 2> zimta.txt
awk '/silence_end/ {e=$(NF-3); d=$NF; printf "%.2f\t%.2f\t%s\n", e-d, e, d}' zimta.txt > label.txt
```

ሁለተኛው መስመር ውጤቱን መነሻ፣ መድረሻና ርዝመት አድርጎ ያሰልፈዋል። `label.txt`ን አውዳሲቲ ውስጥ በ File > Import > Labels ሲያስገቡት እያንዳንዱ ዝምታ ርዝመቱ ተጽፎበት ከሞገዱ ሥር ይዘረጋል።

`d=0.5` ማለት ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰውን ተወው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከ0.3 በታች እንዳያወርዱት አደራ እላለሁ፤ የአማርኛ ንግግር በራሱ ውስጥ ዝምታ አለውና። «ሰጠ» ስንል «ጠ» ስለሚጠብቅ፣ ምላስ ከላንቃ ፊት ተጣብቆ እስኪለቅ ድረስ አየሩ ይታገዳል፤ በሞገዱ ላይ ያ ቅጽበት ባዶ ሆኖ ይታያል። ይህ ቁጥር አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ከሆነ መሣሪያው ይህንኑ ባዶ እንደ ዝምታ ቆጥሮ ያሳጥረዋል፤ የጠበቀው ይላላል። «ይመታል» በሚለው ቃል «መ» እና «ታ» ሲጠብቁና ሲላሉ መቺውና ተመቺው እንደሚለዋወጡ ያስታውሱ። ቀስ ብለው በሚናገሩ አዛውንት ላይ ደግሞ ይህ እገዳ ከተለመደውም ይረዝማል።

የቃላት መጨረሻ የተቆረጠብዎት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ወሰኑ ከፍ ብሎ ነበር። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ያልቃል፤ ተናጋሪውም እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የለብንም» ከሚለው የመጨረሻዋ «ም»፣ ወይም «ነው» በሹክሹክታ ያህል ስትወጣ ከወሰኑ በታች ትወድቃለች፤ መሣሪያውም ቃሉ ሳያልቅ ዝምታ ተጀመረ ይላል። ለማረጋገጥ ከተለያየ የፋይሉ ክፍል አሥር ያህል ምልክቶች ይምረጡና የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ሦስት አሥረኛ ሴኮንድ በማዳመጫ ይስሙ። የቃል ጭራ ከሰሙ ወሰኑን ሁለት ሁለት ዲሲቤል ዝቅ እያደረጉ ይድገሙት።

ዝናቡ የጣለው ከ19ኛው እስከ 31ኛው ደቂቃ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ አንድ ወጥ ጩኸት ሳይሆን የብዙ ጠብታ ምት ስለሆነ፣ አማካዩ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ጫፎቹ በጣም ከፍ ይላሉ። በዚያ ክፍል የለካሁት ጫፍ -25 ዲሲቤል ይደርሳል፤ የአባታችን ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ለእነዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች የሚሠራ ወሰን የለም፤ ወሰኑን ከዝናቡ በላይ ካደረጉት ንግግሩንም ዝምታ ይለዋል። ጅማ ላይ በክረምት የሚቀዳ ሰው ይህ ስለሚያጋጥመው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ከማንኛውም ማስተካከያ የተሻለ ነው። ለአሁኑ ግን ያንን ክፍል የሚያስተካክሉት በጽሑፉ እየተመሩና በጆሮዎ ነው።

«ኧ» እና «ማለት»ን በዝምታ ፍለጋ ማግኘት አይቻልም፤ ድምፅ ናቸውና። የሚያገኛቸው ጽሑፉ ነው፤ ነገር ግን የላኩልኝ ግልባጭ ተጣርቶ የተጻፈ ነው። ገልባጭ ሰው የሰማውን «ኧ» ሳያውቀው ይዘለዋል፤ በራሱ የሚገለብጥ ሶፍትዌርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። እንደገና እንዲገለበጥ ካደረጉ፣ ገልባጩ እያንዳንዱን መንተባተብ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ «ኧ» ብሎ ያስቀምጥ፤ «እ»፣ «እእ»፣ «ኧኧ» እየተባለ ከተጻፈ ፍለጋው ግማሹን ያመልጠዋል። በየአሥር ሴኮንዱም ሰዓቱ ይጻፍ። አባታችን አፋን ኦሮሞ ስለሚቀላቅሉ «ጄቹን» የሚለውንም ይፈልጉ፤ ከ«ማለት» ጋር አንድ ሥራ ይሠራል።

እንደገና ለማስገልበጥ ጊዜ ከሌለዎት ግልባጩንና የዝምታውን ዝርዝር በማናበብ የተደበቀውን ማግኘት ይቻላል። ተናጋሪው ሳይደናቀፍ ከሚናገርበት ቦታ አንድ ደቂቃ ወስደው ስንት ቃል እንዳለ ይቁጠሩ፤ በእርስዎ ፋይል ወደ 90 ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት አሥር ሴኮንድ አሥራ አምስት ቃል መያዝ አለበት። ጽሑፉ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ስድስት ቃል ብቻ ካሳየና የዝምታው ዝርዝር ደግሞ በዚያው ቦታ አንድ ሴኮንድ ብቻ ካስመዘገበ፣ የቀረውን ጊዜ አንድ ያልተጻፈ ድምፅ ሞልቶታል ማለት ነው። ያንን ቦታ በሞገዱ ላይ አስፍተው ይመልከቱት። ቃል ከፍና ዝቅ ይላል፤ የተጎተተ «ኧ» ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ቁመት አለው፤ የድምፁን ድግግሞሽ በሥዕል በሚያሳየው ስፔክትሮግራም ሲያዩትም ሳይወዛወዙ የሚሄዱ ትይዩ መስመሮች ሆኖ ይታያል።

ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን አንድ ቦታ ላሳይዎት። አባታችን የሚሉት እንዲህ ነው፦ «ቡናውን… ኧ… ማለት… ያው አልጋ ላይ ካሰጣነው በኋላ እንትኑ ሳይደርቅ ማንሳት የለብንም።» «ቡናውን» በ742.31 ሴኮንድ ያልቃል። ከዚያ 2.55 ሴኮንድ ዝምታ፣ 1.04 ሴኮንድ «ኧ»፣ 0.90 ዝምታ፣ ግማሽ ሴኮንድ «ማለት»፣ ከዚያም 1.35 ዝምታ ይከተላሉ፤ «ያው» የሚጀምረው በ748.65 ነው። በመካከሉ ያለው በጠቅላላ 6.34 ሴኮንድ ይሆናል። እያንዳንዱን ዝምታ ለየብቻ ቢያሳጥሩ «ኧ» እና «ማለት» ይበልጥ ተጠጋግተው ይጎላሉ፤ «ኧ»ን ብቻ ቢያወጡ ደግሞ ሁለት ዝምታዎች ተጋጥመው ትልቅ ጉድጓድ ይፈጠራል። ስለዚህ ከ742.61 እስከ 748.45 ያለውን በአንድ ጊዜ ያውጡት። ከፊት ሦስት አሥረኛ፣ ከኋላ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይቀራል፤ ከኋላ የሚቀረው ከ«ያው» በፊት የተሳበችውን ትንፋሽ ይይዛል። ንግግሩ ትንፋሽ ያጠረው የመሰለዎት እነዚህ ትንፋሾች አብረው ስለወጡ ነው።

በዚያው ዓረፍተ ነገር ያለውን «እንትኑ»ን ግን አይንኩት። ፍለጋው እንደ መሙያ ቃል ቢያወጣውም እዚህ የገለፈቱን ስም ተክቶ የቆመ ባለቤት ነው፤ ቢወጣ የሚደርቀው ነገር አይታወቅም። «ማለት»ም እንዲሁ «እሸት ቡና ማለት ቀይ የሆነው ነው» ሲባል ትርጉም ይዟል። ስለዚህ በፍለጋ የተገኘውን ሁሉ በጅምላ አያውጡ።

ሌላው ጥንቃቄ ጥያቄዎን ተከትሎ ስለሚመጣው አጭር ድምፅ ነው። በአገራችን ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት የተለመደ ነው። በሞገዱ ላይ ተራ ትንፋሽ ይመስላል፤ ቢቆረጥ ግን ጥያቄው መልስ አልባ ይቀራል። ጥያቄን የሚከተሉ ረጅም ዝምታዎችንም ሳያዳምጡ አይቁረጡ። ቡናው ዋጋ ስላጣበት ዘመን ሲጠይቋቸው አራት ሴኮንድ ዝም ብለዋል፤ እኔ ብሆን ሁለቱን ሴኮንድ እተወዋለሁ፤ መልሱ የጀመረው እዚያ ነው።

ለ35 ደቂቃው ዕቅድዎ የሚሆን ስሌትም እነሆ። ከዝናቡ ክፍል ውጭ ያለው ዝርዝር ወደ 240 ምልክት ይዟል፤ ርዝመታቸው ሲደመር ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይጠጋል። ከእያንዳንዱ ግማሽ ሴኮንድ መቅረት ስላለበት ሁለቱ ደቂቃ ይቀነሳል። የሚገኘው ሰባት ደቂቃ ነው፤ መሙያ ቃላቱና የዝናቡ ክፍል ቢታከሉ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይጨምራሉ። ቀረጻው ወደ 42 ደቂቃ ይወርዳል ማለት ነው፤ የቀረውን ሰባት ደቂቃ ከሐሳቡ ላይ ይቀንሱ እንጂ ከዝምታው አይጭመቁት። እንዲያውም ሙሉ በሙሉ የሚወጡትን ጥያቄዎች አስቀድመው በጽሑፉ ላይ ቢሰርዙ፣ ለሚጣል ክፍል አይደክሙም።

ሲቆርጡ መነሻና መድረሻውን ከመረጡ በኋላ `Z`ን ይጫኑ፤ ምርጫው ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ስለሚጠጋ ቆረጣው ጠቅ አይልም። በዝናቡ ክፍል ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የዝናቡ ጥንካሬ በሁለቱ ወገን ስለሚለያይ ዳርና ዳሩን ከ30 እስከ 50 ሚሊሴኮንድ ያደራርቡት። ሥራውን ከፋይሉ መጨረሻ ጀምረው ወደ ፊተኛው ክፍል ይምጡ፤ ከፊት ጀምረው ከቆረጡ ግን ከኋላ ያሉት ምልክቶችም ሆኑ በጽሑፉ ላይ ያሉት ሰዓቶች ከድምፁ ጋር መገጣጠማቸው ይቀራል።