የፎርስ ግራፉ ከዜሮ በታች ሲወርድ ፍጥነቱ ምን ይሆናል?

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማሱ 2 ኪሎ ግራም የሆነ ጋሪ x = 0 ላይ በሴኮንድ 2 ሜትር እየሄደ ነው። ግራፉ ላይ ኔት ፎርሱ እስከ 3 ሜትር ድረስ 8 ኒውተን ነው። ከዚያ በቀጥታ መስመር ይወርድና 5 ሜትር ላይ ዜሮ፣ 7 ሜትር ላይ −8 ይሆናል። ከ7 ተነስቶ ደግሞ 10 ሜትር ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። 10 ሜትር ላይ ፍጥነቱ ስንት ነው ይላል። እኔ 7.5 ገደማ አገኘሁ፣ ጓደኛዬ 5.46 አለች፣ መልሱ ግን 4 ነው የሚለው። የት ጋ ነው የተሳሳትነው? እህታችሁን እርዱ።»

4 ትክክል ነው። ፊዚክስ ሳስጠና ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ከሞላ ጎደል ሁሌም የሚገጥሙኝ እነዚህ የእናንተ ሁለት ስህተቶች ናቸው። የአንቺና የጓደኛሽ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንቺ ግራፉን ስታነቢ ነው የሳትሽው፤ እሷ ግራፉን በትክክል አንብባ መጨረሻው ላይ ነው የሳተችው።

መጀመሪያ በግራፉ መስመርና በዜሮው መስመር መሃል ያለውን ስፋት እንውሰድ፤ ፎርሱ የሚሠራው ወርክ እሱ ነው። ከ0 እስከ 3 ሜትር ያለው አራት ማዕዘን ነው፤ 8 ሲባዛ በ3፣ 24 ጁል። ከ3 እስከ 5 ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፤ የ2 እና የ8 ብዜት ግማሽ፣ 8 ጁል። እስከዚህ ድረስ ፎርሱ ጋሪው በሚሄድበት አቅጣጫ ስለሚገፋ ወርኩ ፖዚቲቭ ነው፤ ድምሩ 32። ከ5 በኋላ መስመሩ ከዜሮ በታች ወርዷል። ይህ ማለት ፎርሱ አሁን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጋሪው ግን አሁንም ወደ ፊት እየሄደ ነው። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ያለው −8 ጁል፣ ከ7 እስከ 10 ያለው −12 ጁል ነው። አጠቃላይ ወርኩ 32 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 12 ጁል።

አንቺ 32 እና 20ን ደምረሽ 52 አድርገሻል። በጂኦሜትሪ ስፋት ሁሌም ፖዚቲቭ ስለሆነ እጅ በልማድ ይደምራል። ከዚያ የመነሻውን 4 ጁል ጨምረሽ 56፣ ስኩዌር ሩቱ 7.48። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ስፋት ከማስላታቸው በፊት ከዜሮው መስመር በታች ያለውን ክፍል በእርሳስ እንዲያጠቁሩት አደርጋለሁ። የጠቆረ ነገር ሲያዩ መደመር ይረሳቸዋል።

አሁን ወርኩን ወደ ፍጥነት እንቀይር። ኔት ወርክ የሚቀይረው ካይኔቲክ ኢነርጂን ነው፣ በቀጥታ ፍጥነትን አይደለም። የጓደኛሽ ችግር ያለው እዚህ ነው። 12 ጁልን ትክክል አግኝታ ½mv² = 12 ብላ 3.46 አወጣች፤ ከዚያ በመነሻው ፍጥነት 2 ላይ ደመረችና 5.46 አለች። 3.46 ግን ጋሪው ከቆመበት ቢነሳ ኖሮ 10 ሜትር ላይ የሚኖረው ፍጥነት ነው። የሚደመረው ጁሉ ነው፤ ስኩዌር ሩት የሚወጣው አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ። መነሻው ½ × 2 × 2² = 4 ጁል። 4 ሲደመር 12፣ 16 ጁል። ማሱ 2 ስለሆነ v² = 16፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜትር።

ይህ ነጥብ ትንሽ ቢብላላ አይከፋም፣ ምክንያቱም ፈተና ላይ የሚወዱት እሱን ነው። ያው 12 ጁል የሚያመጣው የፍጥነት ለውጥ ጋሪው ቀድሞ በነበረው ፍጥነት ይወሰናል። ከቆመበት ከተነሳ ለውጡ 3.46 ነው። በ2 ከገባ ለውጡ 2 ነው። በ6 ቢገባ ደግሞ 36 ሲደመር 12፣ 48 ይሆንና ፍጥነቱ 6.93 ይደርሳል፤ ለውጡ ከ1 እንኳን አይሞላም። ግራፉ አልተቀየረም፣ ማሱም አልተቀየረም። ፈጣኑ ጋሪ ያንን 10 ሜትር ቶሎ ስለሚያልፈው ፎርሱ የሚሠራበት ጊዜ ያጥራል።

ሌላ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ፍጥነቱ ትልቁ የሚሆነው የት ላይ ነው? አብዛኛው ተማሪ «3 ሜትር ላይ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ፎርሱ መውረድ ይጀምራላ። እስኪ እናስላው። 3 ሜትር ላይ ያለው 4 ሲደመር 24፣ 28 ጁል ነው፤ ፍጥነቱ 5.29። 5 ሜትር ላይ 36 ጁል ነው፤ ፍጥነቱ 6። 7 ሜትር ላይ እንደገና 28 ጁል፣ 5.29። ስለዚህ ፎርሱ ከ3 እስከ 5 እየቀነሰም ጋሪው እየፈጠነ ነው። የተበላሸ ሚኒባስ የገፋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ገፊዎቹ እየደከሙ ቢሄዱም ግፊያቸው ከሚይዘው ነገር እስከበለጠ ድረስ መኪናው መፍጠኑን ይቀጥላል፣ የሚጨምርበት መጠን ብቻ ነው የሚያንሰው። ትልቁን ፍጥነት ስትፈልጊ የግራፉን ጫፍ ሳይሆን መስመሩ ከላይ ወደ ታች ዜሮን የሚያቋርጥበትን ቦታ ፈልጊ።

እንደዚሁ ከ7 እስከ 10 መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ተማሪ ይህን አይቶ «ፍጥነቱ እየጨመረ ነው» ይላል። አይደለም። መስመሩ ገና ከዜሮ በታች ነው፣ ጋሪውም እየቀነሰ ነው፤ ከ5.29 ወደ 4። የመስመሩ ዘንበል ማለት ስለ ፍጥነት የሚነግርሽ ነገር የለም። የሚነግርሽ መስመሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የለም፣ በሌላ ግን ይመጣል። የደመርሽው ካይኔቲክ ኢነርጂ መሃል ላይ ኔጋቲቭ ከወጣ፣ ጋሪው እዚያ ቦታ አልደረሰም ማለት ነው። ለምሳሌ በዚሁ ግራፍ ጋሪውን 5 ሜትር ላይ አስቀምጠን በሴኮንድ 3 ሜትር ወደ ቀኝ እንልቀቀው። 9 ጁል ይዞ ይነሳል። 7 ሜትር ላይ ሲደርስ 8ቱ አልቆ 1 ጁል ይቀረዋል። ከፊቱ ደግሞ 12 ጁል የሚወስድ ቦታ አለ። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ ያለውን ፍጥነት መፈለግ ትርጉም የለውም፤ 7.13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆምና ይመለሳል። ሲመለስ ፎርሱም ጉዞውም ወደ ግራ ስለሆኑ ያው የጠቆረው ስፋት አሁን ፖዚቲቭ ወርክ ይሆናል፤ 5 ሜትር ላይ እንደገና በ3 ያልፋል፣ ወደ ግራ። ካልኩሌተርሽ የኔጋቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስትጠይቂው «ኤረር» ካለሽ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኼ ነው። መጥፎው ግን መሃል ላይ ኔጋቲቭ ሆኖ መጨረሻው ፖዚቲቭ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ካልኩሌተሩም ዝም ይላል። ስለዚህ መስመሩ ከታች ወደ ላይ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ድምሩን አንዴ ተመልከቺ።

ጥያቄሽ «ኔት ፎርስ» ብሎ መጻፉም ትልቅ ነገር ነው። ግራፉ የገፊውን ፎርስ ብቻ የሚያሳይ ቢሆንና 1 ኒውተን ፍሪክሽን ቢኖር፣ 10 ሜትሩ ሌላ 10 ጁል ይበላ ነበር። ከ16ቱ 6 ይቀራል፣ ፍጥነቱም 2.45 ይሆናል። ፍሪክሽን ካለ የመመለሱ ታሪክም ይለወጣል፣ ምክንያቱም ሲመለስም ይበላል።

መስመሩ ቀጥ ያለ ካልሆነስ? ወደ ቀጫጭን ቁራጮች መክፈል ነው። ለምሳሌ ላስቲክ በስፕሪንግ ሚዛን እየሳብሽ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ 0፣ 3፣ 5፣ 6.5፣ 8 ኒውተን አነበብሽ እንበል። የእያንዳንዱን ቁራጭ የሁለት ጫፍ ንባብ አማካይ ውሰጂ፦ 1.5፣ 4፣ 5.75፣ 7.25። ድምሩ 18.5 ነው፤ በ0.05 ሜትር ስታባዢው 0.925 ጁል። ነገሩን አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን አድርገሽ ብታሰይው 0.8 ብቻ ይወጣ ነበር፣ ምክንያቱም የላስቲክ መስመር ወደ ላይ ያበጠ ነው።

በዚህ ኢነርጂ ግማሽ ኪሎ ጋሪ ከቆመበት ቢወረወር 1.92 ሜትር በሴኮንድ ይደርሳል። ሴንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር መቀየር ከረሳሽ 92.5 ጁል ይመጣና ጋሪው በሴኮንድ 19 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 69 ኪሎ ሜትር ይበራል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ጋሪ እንደዚያ ሲበር ካየሽ አክሲሱን ተመልሰሽ እዪ። እግረ መንገድሽንም አግድሙ ላይ የተጻፈው ሜትር መሆኑን አረጋግጪ። ሴኮንድ ከሆነ ስፋቱ ወርክ አይደለም፣ የሞመንተም ለውጥ ነው፤ የጥያቄሽ ግራፍ አግድሙ ሴኮንድ ቢሆን ኖሮ 12ቱ በማሱ ተካፍሎ 6 ይሆንና መልሱ 8 ይመጣ ነበር።

ላስቲኩን በእውነት ከሞከርሽው የምትለኪው ፍጥነት ከ1.92 ያንሳል። ከፍሪክሽኑ ሌላ ምክንያት አለው፤ ላስቲክ ሲሳብ የሚያሳየው ፎርስና ሲመለስ የሚሰጠው ፎርስ እኩል አይደሉም። የመመለሻው መስመር ከታች ነው የሚያልፈው፣ በሁለቱ መሃል ያለው ስፋትም ላስቲኩን ያሞቀዋል። ወደ እውነቱ የቀረበ ቁጥር ከፈለግሽ ላስቲኩን ቀስ ብለሽ እየለቀቅሽ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ እንደገና አንብቢና በዚያኛው መስመር ሥሪ።