አስኳሉን የከበበው ግራጫ ቀለበት፦ ብዙ ስለ ተቀቀለ እንቁላል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የቤት እመቤት፣ ደብረ ማርቆስ)፦ መምህር፣ በጾሙ ያጠራቀምኩትን 12 እንቁላል ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ቀቅዬ ስልጠው ድኝ ድኝ ሸተተኝ። ሁለቱን ሰንጥቄ ሳይ የአስኳሉ ዙሪያ ግራጫ ሆኗል። ተበላሽቷል ብዬ ሁሉንም ለውሻ ሰጠሁት። ልክ አደረግሁ?

መልስ፦ ውሻዎ ጥሩ ፋሲካ ውሏል፤ እንቁላሉ ግን አልተበላሸም ነበር።

የእንቁላል ነጩ ክፍል ፕሮቲን ከተፈጥሮው ድኝ አለበት። እሳት ሲበዛበት ፕሮቲኑ ይፈታና ከድኙ ጥቂቱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሲልጡት አፍንጫዎን የመታው እርሱ ነው። እንቁላል ሲቀቀል የሚሞቀው ከውጭ ወደ ውስጥ በመሆኑ መካከሉ ለረጅም ጊዜ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል፣ ጋዙም ከሚግለው ነጭ ክፍል ሸሽቶ ወደ አስኳሉ ይገሰግሳል። አስኳሉ ደግሞ ብረት አለው። ድኙና ብረቱ የሚገናኙት በአስኳሉ ገጽ ላይ ስለሆነ ግራጫው ወይም አረንጓዴ መሳዩ ነገር እንደ ቀለበት ዙሪያውን ብቻ ይይዛል። አስኳሉን ለሁለት ቢከፍሉት ውስጡ ቢጫ እንደሆነ ያገኙታል።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የሳበው ግን «በጾሙ ያጠራቀምኩት» ያሉት ነው። እንቁላል በተቀመጠ ቁጥር በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ በዚህ ምክንያት የነጩ ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ትኩስ ሲሆን ከነበረበት 8 ገደማ ተነሥቶ ከ9 በላይ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ያለ ነጭ ክፍል በእሳት ላይ ድኙን ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የተጠራቀመ እንቁላል፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ትናንት ከተጣለው ይልቅ ግራጫ ቀለበት ለማውጣት የተዘጋጀ ነው። የፋሲካ እንቁላል ላይ ይህ ነገር የሚበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ባሕር ዳር)፦ ይህ ሁሉ ምርምር ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱ የብረት ድስት ነው። እናቶቻችን በሸክላ ሲቀቅሉ እንዲህ ዓይነት ነገር አላየንም። ድስቱ ይቀየር።

መልስ፦ ጋሼ፣ ብረት ያሉት እውነት ነው፤ ብረቱ የመጣበት ቦታ ላይ ግን አልስማማም። በአንድ አስኳል ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብረት አለ፤ ቀለበቱን የሚሠራው ከዚያ ላይ እጅግ ጥቂቱ ነው። ድስቱ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ የሚጀምረው ከቅርፊቱ ሥር፣ ከነጩ የውጭ ገጽ ነበር። እርስዎ ራስዎ ሰንጥቀው ቢያዩ ነጩ ከውጭ ንጹሕ ሆኖ ግራጫው ከአስኳሉ ጋር በሚነካካበት በኩል ብቻ ይገኛል። በሸክላ ስላልታየው ነገር የምጠረጥረው ሌላ ነው፦ ያኔ እንቁላሉ ከዶሮዋ ሥር ተነሥቶ በማግስቱ ሳይቀቀል አይቀርም።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም)፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መርዝ ነው ብለው ኬሚስትሪ ላይ አስተምረውናል። ታዲያ እንዴት «አልተበላሸም» ይባላል?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ እታለም፤ መምህርሽም አልተሳሳቱም። ጋዙ ብዙ ሲሆን ይገድላል፤ በተዘጋ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ሕይወታቸውን የሚያጡት አንዳንድ ጊዜ በእርሱ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የሰው አፍንጫ ይህን ጋዝ ከቢሊዮን የአየር እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ሲኖር እንኳ ያውቀዋል፤ ለሕይወት የሚያሰጋው ግን ከሚሊዮን የአየር እጅ መቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። በመካከሉ ያለው ርቀት በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው። እንዲያውም አደገኛ መጠን ላይ ሲደርስ አፍንጫ ደንዝዞ ሽታው ይጠፋል። ከተላጠ እንቁላል የምትሸቺው ሽታ የሚያስጠላ ይሁን እንጂ የሚያስፈራ አይደለም፤ ትንሽ ነፋስ ሲያገኘውም ይሄዳል። ቀለበቱም ቢሆን ከድኝና ከብረት የተሠራ ኢምንት ነገር ስለሆነ ቢበላ አይጎዳም፤ የሚቀንሰው መልኩንና ጣዕሙን ነው።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ እንጅባራ)፦ እኛ ዘንድ ብርድ ነው፤ ውኃው ቢፈላም እንቁላል ቶሎ አይበስልም እየተባለ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል። ስንት ደቂቃ ይበቃል?

መልስ፦ «ቶሎ አይበስልም» የሚለው እውነት አለው፤ ምክንያቱ ግን ብርዱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ውኃ በባሕር ወለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ባሕር ዳር ላይ ወደ 94፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ቆላ ላይ 10 ወይም 11 ደቂቃ የሚበቃው እንቁላል እዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመርለታል። ግማሽ ሰዓት ግን ከሚያስፈልገው እጥፍ በላይ ነው።

ይህን በአፍ ከማስረዳት ብዬ ባለፈው ሚያዝያ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ በ12 እንቁላል ሞክሬው ነበር። ስድስቱ ሁለት ቀን የሆናቸው፣ ስድስቱ ጤፍ ውስጥ ተቀብረው አምስት ሳምንት የቆዩ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስቱን በፈላ ውኃ 13 ደቂቃ ቀቅዬ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨመርኋቸው፤ የቀሩትን 30 ደቂቃ ቀቅዬ በዚያው በትኩሱ ውኃ ውስጥ እስኪበርዱ ተውኋቸው። ከዚያ በክር እየቆረጥሁ አየሁ። 13 ደቂቃ የበሰሉት ትኩሶቹ አንድም ቀለበት አልነበራቸውም። ከአሮጌዎቹ በተመሳሳይ ደቂቃ ከበሰሉት አንዱ እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ መስመር አሳየ። ግማሽ ሰዓት የቆዩት ትኩሶች ፈዛዛ ቀለበት ሲኖራቸው፣ አሮጌዎቹ ግን አረንጓዴ ወደ መሆን ያዘነበለ ወፍራም ቀለበትና ባለቤቴን መስኮት ያስከፈተ ሽታ ነበራቸው።

ቀዝቃዛው ውኃ ሁለት ነገር ይሠራል፦ መብሰሉን ያቆመዋል፣ የውጩንም ክፍል ስለሚያበርደው ጋዙ ወደ አስኳሉ መግፋቱን ትቶ ወደ ቅርፊቱ ይመለሳል። ውኃው ሲሞቅ አንድ ጊዜ ይቀይሩት። ትኩሶቹ እንቁላሎች ግን ሲላጡ ነጩን ከቅርፊቱ ጋር እየቦጨቁ አስቸገሩኝ፤ አሮጌ እንቁላል በዚህ በኩል ይሻላል።

ጥያቄ (አንድ ሰው፣ ዳንግላ)፦ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ነጣ ያለ የሚሆነውም በዚሁ በድኙ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እርሱ የመኖ ነገር ነው። ዶሮዋ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ስታገኝ አስኳሉ ይደምቃል፣ ሳታገኝ ይነጣል።

ጥያቄ (እንቁላል ሻጭ፣ ባሕር ዳር)፦ ማታ 30 እንቁላል ቀቅዬ እንዳይቀዘቅዝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከድኜ አሳድራለሁ፤ ጠዋት መናኸሪያ በሚጥሚጣ እሸጣለሁ። ደንበኛ ሰንጥቆ ግራጫ ሲያይ ይመልስልኛል። ጉዳት የለውም ብዬ ልንገራቸው?

መልስ፦ ስለ ቀለሙ ይንገሯቸው፤ ስለ አዳሩ ግን እኔ ለእርስዎ የምነግርዎ አለኝ። እንቁላሉን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆየት ቀለበቱን የሚያወፍር ነው፤ ይህ የገበያ ኪሳራ ነው። ከዚያ የሚብሰው ውኃው ሌሊቱን ለብ ብሎ ማደሩ ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ በተለይ ቅርፊቱ የተሰነጠቀው፣ ለብ ባለ ነገር ውስጥ ሲያድር ረቂቅ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው። እነርሱ ደግሞ ቀለበት አይሠሩም፣ ሁልጊዜም አይሸቱም። ንጋት ላይ ቀቅለው፣ በቀዝቃዛ ውኃ አብርደው፣ ከነቅርፊቱ ትንሽ በትንሹ ይዘው ይውጡ። ትኩስ ካልሆነ የማይገዛ ደንበኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለእርሱ በአሥር በአሥሩ እየቀቀሉ ማቅረብ ይሻላል።

ጥያቄ (የቤት እመቤቷ ድጋሚ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ታዲያ በእርግጥ የገማውን በምን ልለየው? ደግሞስ እንቁላሉ ተቀቅሎ ወጡ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይበስል የለም?

መልስ፦ የገማ እንቁላል ከእሳት በፊት ይሸታል፤ ያኛው የሚሸተው ከእሳት በኋላ ነው። ጥሬውን ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ተጋድሞ የሚቀመጠው ትኩስ ነው፣ የሚቆመው አሮጌ ነው፣ የሚንሳፈፈው በጣም አሮጌ ነው። መንሳፈፉ ብቻ ግን ገምቷል አያሰኝም፤ የተንሳፈፈውን ለብቻው በሲኒ ሰብረው ያሽትቱት። ያ ሽታ ሰው የሚጠራጠርበት ዓይነት አይደለም።

ስለ ወጡ የጠየቁት ትክክል ነው፤ የዶሮ ወጥ እንቁላል ሁለት ጊዜ ይበስላል። እኔ 11 ደቂቃ ገደማ ቀቅዬ፣ አብርጄና ልጬ፣ ወጡ ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እጨምረዋለሁ። አስኳሉ መካከሉ ትንሽ ለስለስ ያለ ቢሆን እንኳ የሚፈላው ወጥ ይጨርሰዋል። እሳቱን ፈርቶ በጥሬነቱ ማውጣት ግን አይገባም፤ ሳልሞኔላ የሚያመጣው በሽታ ከግራጫ ቀለበት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አስተያየት (አንዲት ምግብ አብሳይ፣ ባሕር ዳር)፦ መቀቀያው ውኃ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይበቃል። እኔ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፣ ግራጫ ወጥቶብኝ አያውቅም።

መልስ፦ ተመትቶ ለሚጠበስ እንቁላል ሎሚ በእርግጥ ይሠራል፤ ኮምጣጣነቱ ድኙ እንዳይለቀቅ ይይዘዋል። በቅርፊቱ ውስጥ ባለው ላይ ግን በ13 ደቂቃ ውስጥ ሎሚው ዘልቆ ነጩን ይለውጣል ብዬ አላምንም፤ እርስዎን የሚረዳዎት እንቁላልዎ ትኩስ መሆኑ ይመስለኛል።

አስተያየት (ምግብ አብሳይዋ)፦ የእኔ እንቁላል ከቅዳሜ ገበያ ነው፤ መቼ እንደተጣለ ሻጯም አታውቅም። ሎሚው ነው።

መልስ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአንድ ሻጭ የገዙትን ለሁለት ይክፈሉትና አንዱን ያለ ሎሚ ቀቅለው በክር ቆርጠው ያሳዩን።