መነሻው ላይ የማይገጥመው ካሬ

«ባሕር ዳር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ባለ ሁለት ጎማ ሮቦቴን የጎማውን ዙር የሚቆጥር ኢንኮደርና እንቅስቃሴውን የሚለካ አይኤምዩ ገጥሜለት፣ ሁለቱን በኤክስቴንድድ ካልማን ፊልተር አዋህጃለሁ። ሐይቁ ዳር ባለው ንጣፍ ላይ 5 ሜትር በ5 ሜትር ካሬ አስኬጄው መነሻው ላይ ሲቆም፣ ስክሪኑ ላይ ግን 1 ሜትር ተኩል ርቆ ይታያል። ሥራ ስወዳደር ላሳየው ወይስ ልተወው?»

አሳዪው እንጂ! ግን ያ 1 ሜትር ተኩል ከየት እንደመጣ ሳታውቂ እንዳትገቢ፤ ጠያቂዎች የሚይዙሽ እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ሮቦቱን ሁለት ደቂቃ አቁመሽ፣ አይኤምዩው ውስጥ ያለውን የመዞሪያ ፍጥነት መለኪያ፣ የጋይሮውን ንባብ መዝግቢ። ቆሞ ሳለ በሰከንድ 0.2 ዲግሪ እየዞርኩ ነው ካለ፣ በ5 ደቂቃ 60 ዲግሪ ይሳሳታል። የንባቡን አማካይ ወስደሽ ቀንሺለት።

ቀጥሎ በጠመኔ ምልክት አድርጊና እዚያው ቦታው ላይ 10 ዙር አሽከርክሪው። እውነቱ 3600 ዲግሪ ነው። ጋይሮው ወደዚያ ቀርቦ ጎማዎቹ 3870 አሉ እንበል። የጎማው ስሌት የቀኝና የግራ ጎማ የሄዱትን ርቀት ልዩነት በጎማዎቹ መካከል ላለው ስፋት ያካፍላል። ኮዱ ላይ ስፋቱን 0.30 ሜትር ብለሽ ከሆነ፣ የሚሠራው ስፋት 0.30 × 3870 ÷ 3600፣ ማለትም 0.32 ሜትር ገደማ ነው። ሳይታረም በየማዕዘኑ 7 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አስይው፤ ካሬሽ 1 ሜትር ተኩል ያህል ይስታል። በተቃራኒው አቅጣጫም ደግመሽ አሽከርክሪው፤ ስህተቱ በሁለቱም እኩል ከሆነ ስፋቱ ነው፣ በንጣፉና በለስላሳ ወለል ላይ ከተለያየ ደግሞ ጎማው እየተንሸራተተ ነው።

«ታዲያ ፊልተሩ ለምን አላረመውም?» ይሉሻል። ፊልተሩ የሚያምነው አንቺ በኮቫሪያንስ፣ ማለትም ልኬቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በሚነግረው ቁጥር፣ እመን ያልሽውን ነው። የጎማው የተጠራቀመ አቅጣጫ ስህተቱ እያደገ ሳለ፣ ኮዱ ሁልጊዜ ያንኑ ትንሽ ኮቫሪያንስ ከላከ ፊልተሩ ይታለላል። ስለዚህ ከጎማው ወደፊት የሚሄድበትን ፍጥነት፣ ከጋይሮው የመዞሪያ ፍጥነቱን ብቻ ስጪው። ፊልተሩን በሚያሠራው `robot_localization` ፓኬጅ የአይኤምዩው ቅንብር ይህ ነው፦

```
imu0_config: [false, false, false,
              false, false, false,
              false, false, false,
              false, false, true,
              false, false, false]
```

በ`odom0_config` ደግሞ በሦስተኛው መስመር የመጀመሪያውን ብቻ `true` አድርጊ። አይኤምዩው ተገልብጦ ተገጥሞ እንዳይሆን በእጅሽ አረጋግጪ፦ ሮቦቱን ወደ ግራ ስታዞሪው ንባቡ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። (ይህን ስንቱ ዘሎት ሲቸገር አይቻለሁ!)

ሁለቱም ሴንሰሮች የሚለኩት ለውጥን እንጂ ቦታን ስላልሆነ፣ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላም ስህተቱ ቀስ እያለ ያድጋል። ስክሪኑ ላይ ያለው የጥርጣሬ ሞላላ ክብም አብሮ መስፋት አለበት፤ ካልሰፋ ቅንብሩን እንደገና እዪው። በሐይቁ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ቢሄድስ ካሉሽ፣ ጂፒኤስ እጨምራለሁ በዪ።

ከእርማቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ካሬዎች በአንድ ሥዕል ላይ አውጪና ከሲቪሽ ጋር አያይዢ፤ የጠመኔውን 3600 እና የጎማውን 3870 ከሥሩ ጻፊበት።