ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ የደም ስብ መመርመር

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ጮማ አላበዛም፤ ሆኖም ተመርምሬ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብህ ከፍ ብሏል ተባልኩ። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያመጡት ነው የሚሉኝ አሉ። ይህ እውነት ነው? ምንስ ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እውነት ነው። ግን አስቀድሜ ልጠይቅህ፦ ደም የሰጠኸው መቼ ነበር? ደሴ ውስጥ በላቦራቶሪ ሙያ እሠራለሁ፤ የሌሊት ተራም አለብኝ። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ብዙዎቹ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው በቀጥታ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። «ቁርስ በልተሃል?» ሲባሉ «አልበላሁም» ይላሉ፤ አልዋሹም። ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለበሉት ፍርፍርና ስለጠጡት ስኳር የበዛበት ሻይ ግን የሚጠይቃቸው የለም።

የአክስቴ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። ከፈረቃ ወጥቶ ሲመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 238፣ ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል ኤች ዲ ኤሉ 36፣ ትራይግሊሰራይዱ 412 ሆነ። መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል ኤል ዲ ኤሉ ደግሞ 120 ተብሎ ተጻፈለት፤ እሱም «ዋናው ደህና ነው» ብሎ ተጽናና። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤል ዲ ኤልን የሚያገኙት በቀጥታ ለክተው አይደለም፤ ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንሰው ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ይህ ስሌት አይታመንም፤ አብዛኛውን ጊዜም ኤል ዲ ኤልን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ከእረፍት ሌሊቱ በኋላ፣ በደንብ ተኝቶና 12 ሰዓት ያህል ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምስ እንዲመለስ ነገርኩት። ትራይግሊሰራይዱ ወደ 230 ወረደ፤ ጠቅላላው 224፣ ኤች ዲ ኤሉ 37 ነበር። ኤል ዲ ኤሉ ሲሰላ ግን 141 ወጣ።

230ም ቢሆን ጤናማ አይደለም፤ ከ150 በታች መሆን ነበረበት። የእንቅልፍና የጭንቀት ድርሻ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን ሌሊት ምግብን ለመቀበል አይዘጋጅም፤ ኢንሱሊን በሌሊት ሥራው ይደክማል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምግብ በቀን ሲበላና በሌሊት ሲበላ እኩል አይሆንም፤ በሌሊት የተበላው ስኳሩም ስቡም በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ጭንቀት ደግሞ አድሬናሊንንና ኮርቲሶልን ያነሣሣል፤ እነዚህ በሰውነት የተከማቸውን ስብ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ጉበትም ተቀብሎ ትራይግሊሰራይድ አድርጎ መልሶ ይልከዋል። የተለቀቀውን ስብ የሚያቃጥል ሩጫ ወይም ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የለም፤ ሰውየው ማሽን ፊት ቆሞ ነው የሚያድረው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በዚህ ላይ ጣፋጭ ነገር ያምረዋል።

ዘመዴ በመጀመሪያ ያስተካከለው የምግብ ሰዓቱን ነው። ዋናውን ምግብ ምሽት 2 ሰዓት አካባቢ፣ 4 ሰዓት ላይ ሥራ ሳይገባ ይበላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢርበው ትንሽ ቆሎ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይበቃዋል፤ ሻዩም ያለ ስኳር ሆነ። ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ አይጠጣም፤ ጠዋት እንቅልፍ ይነሳዋልና። ጫትም ተወ። ለመንቃት ተብሎ የሚቃም ጫት የቀኑን እንቅልፍ አስቀድሞ የሚበላ ብድር ነው።

ከሁሉ ያስቸገረው መኝታው ነበር። በደሴ ብርድ ቀን ተኝቶ መዋል ይቻላል፤ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሥር ግን እኩለ ቀን ላይ ላብ ያስነሣል። ስለዚህ ቁርሱን ቀለል አድርጎ በልቶ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይተኛል፤ መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጋርዶ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ። እንቅልፉ ከተቋረጠ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጨምርበታል። ይህ በቤተሰብ ስምምነት እንጂ በእሱ ፈቃድ ብቻ አይሆንም፤ ለቅሶና እድር በቀን ነው፤ ጎረቤትም «ቤት እያለ ቀረ» ብሎ ያማል።

ከሦስት ወር በኋላ ትራይግሊሰራይዱ 168 ሆነ። ኤል ዲ ኤሉ ግን 139 ላይ ቀረ፤ ይህም አላስገረመኝም። እንቅልፍና የምግብ ሰዓት ጎልተው የሚያወርዱት ትራይግሊሰራይድን ነው፤ ኤል ዲ ኤል በዘር፣ በቅቤና በሰባ ሥጋ ይበልጥ ይመራል። ሐኪሙ ደም ግፊቱን፣ ዕድሜውንና ማጨሱን አይቶ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት አዘዘለት፤ እንቅልፌ ተስተካክሏል ብሎ መድኃኒቱን አልተወም።

አንተም ዳግም ስትመረመር የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ እንዲጨመርልህ ሐኪምህን ጠይቅ፤ የስኳር በሽታም የታይሮይድ መድከምም ሳይታወቁ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋሉ። መጠጥ ካለም አትደብቀው። ባዶ ሆድህን ተመርምረህም ቁጥሩ ከ500 ካለፈ ሦስት ወር አትጠብቅ፤ ቆሽት ሊቆጣ ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ የላይኛው ሆድ ሕመምና ትውከት ከመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ።