«የባከነ ኢነርጂ»፣ «የጠፋ ሥራ» ወይስ «የመከነ ሥራ»?

ጥያቄ፦ «የሕንፃ መካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ለአንድ ሆቴል የውኃ ማሞቂያ ጥናት በአማርኛ ስጽፍ ‹በማሞቂያው ውስጥ የባከነው ኢነርጂ› አልሁ። ጥናቱን የገመገሙት አለቃዬ ግን ‹ማሞቂያው በሚገባ የተሸፈነ ነውና ምንም ኢነርጂ አልባከነም፤ ያለቀው ኤክሰርጂ ስለሆነ የጠፋ ሥራ በለው› አሉኝ። ለእኔ ደግሞ ‹የጠፋ ሥራ› ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። የትኛው ነው ትክክል?»

መልስ፦ አለቃዎ በነገሩ ልክ ናቸው፤ እርስዎም በጆሮዎ ልክ ነዎት። ሁለቱን ለማስታረቅ ግን አስቀድሞ በማሞቂያው ውስጥ የሆነውን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ግሥ የሚመረጠው የሆነው ነገር ከታወቀ በኋላ ነውና።

በጥናትዎ ያለውን ማሞቂያ ባላውቀውም የተለመደ ዓይነት እንውሰድ። 100 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 60 ዲግሪ የሚያሞቅ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ሙቀት የማያስወጣ ጋን ነው እንበል፤ የአካባቢው አየርም 20 ዲግሪ ይሁን። አንድ ኪሎግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 4.18 ኪሎጁል ስለሚፈልግ፣ ጠቅላላው ፍጆታ 16,720 ኪሎጁል ወይም 4.64 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቆጣሪው 4.64 ያነባል፣ ውኃውም 4.64 ይቀበላል። በኢነርጂ ሒሳብ ብቃቱ መቶ በመቶ ነው፤ የጎደለ ነገር የለም።

ኤክሰርጂ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንድ ነገር ከአካባቢው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ያለ ምንም ብክነት ቢሠራበት፣ ቢበዛ ምን ያህል ጠቃሚ ሥራ ሊወጣው ይችላል? ኤሌክትሪክ በዚህ መለኪያ ሙሉ ነው፤ 4.64 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ፣ ፍጹም በሆነ ሞተር፣ 4.64 ኪሎዋት ሰዓት ክብደት የማንሳት ሥራ ይሠራል። 60 ዲግሪ የደረሰው ውኃ ግን በ20 ዲግሪ አካባቢ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፍጹም የሆነ የሙቀት ሞተር እንኳ ቢገኝለት፣ የሚያስገኘው 0.29 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በመቶኛ 6 ገደማ መሆኑ ነው። ቀሪው 4.35 ኪሎዋት ሰዓት ሊሠራ ይችል የነበረ፣ ከእንግዲህ ግን በምንም ብልሃት የማይሠራ ሥራ ነው።

ይህን ቁጥር በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በዘርፉ ያሉ ሰዎችም የሚመኩበት መንገድ ይኸው ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ዦርዥ ጉዊ በ1889 እ.ኤ.አ.፣ ከእርሱም በኋላ ዙሪክ ያስተምር የነበረው መሐንዲስ ኦሬል ስቶዶላ በየራሳቸው ያገኙት ሕግ እንደሚለው፣ ሳይሠራ የሚቀረው ሥራ ከአካባቢው ፍጹም የሙቀት መጠንና በሂደቱ ከተፈጠረው ኢንትሮፒ ብዜት ጋር እኩል ነው። በእኛ ጋን ውስጥ የተፈጠረው ኢንትሮፒ በኬልቪን 53.5 ኪሎጁል ገደማ ነው። ይህ በ293 ኬልቪን ሲባዛ 15,670 ኪሎጁል ገደማ ይሆናል፤ ወደ ኪሎዋት ሰዓት ሲለወጥም ያው 4.35 ይመጣል። ሁለቱ ስሌቶች ካልገጠሙ ስሕተቱ በጽሑፉ ሳይሆን በሒሳቡ ነውና፣ ወደ ቃላት ምርጫ ከመግባትዎ በፊት ይህን ፈተና እንዲያደርጉ እመክራለሁ።

የት እንደ ሆነም መለየት ይቻላል። የማሞቂያው ብረት 120 ዲግሪ ላይ ይሠራል ብለን ብንወስድ፣ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውስጥ ወደ ሙቀት በተለወጠበት ቅጽበት ከ4.64ቱ ኪሎዋት ሰዓት 3.46ቱ አክትሟል፤ የ120 ዲግሪ ሙቀት፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ ውስጥ፣ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለው። ቀሪው 0.89 ደግሞ ሙቀቱ ከብረቱ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ሲሻገር ያከትማል። ስለዚህ ጋኑን በወፍራም መሸፈኛ መጠቅለል፣ ለሌላ ጉዳይ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ይህን ኪሳራ በአንዲት ኪሎጁል እንኳ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው ከአየሩ ሙቀት ስቦ ወደ ውኃው የሚያስገባ የሙቀት ፓምፕ ነው፤ እርሱ ለዚሁ ሥራ ከቀጥተኛ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ግሦቹ እንመለስ። በአማርኛ «ባከነ» የምንለው ነገሩ እያለ ከታሰበለት ቦታ ውጪ ሲሄድ፣ ያለ ፋይዳ ሲያልቅ ነው። ከተሰበረ ቧንቧ የሚፈሰው ውኃ ባከነ እንላለን፤ ውኃነቱ ግን አልቀረም፣ የሄደው ወደ መንገድ ነው። ሰውም ሲባክን ዋለ ስንል ያለ ፍሬ ወዲያ ወዲህ አለ ማለታችን ነው እንጂ ሰውየው የለም ማለታችን አይደለም። ስለዚህ «የባከነ ኢነርጂ» በጋኑ ግድግዳ በኩል ወደ ክፍሉ አየር ለወጣው ሙቀት የተስተካከለ አነጋገር ነው፤ ያ ሙቀት ባለበት አለ፣ መንገዱን ብቻ ስቷል። በእርስዎ ጋን ውስጥ ግን መንገድ የሳተ ሙቀት ስለሌለ አለቃዎ «አልባከነም» ማለታቸው ትክክል ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠራው የቅልቅል ጉዳይ ይመስለኛል። የ60 ዲግሪ 50 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ 50 ሊትር ጋር ሲቀላቀል 100 ሊትር የ40 ዲግሪ ውኃ ይገኛል። ከውጭ የገባ፣ ወደ ውጭም የወጣ ሙቀት የለም። ሆኖም ከመቀላቀሉ በፊት 523 ኪሎጁል የነበረው ኤክሰርጂ ከተቀላቀለ በኋላ 273 ኪሎጁል ብቻ ይሆናል፤ ግማሽ ያህሉ የለም። የት ሄደ ተብሎ ቢጠየቅ የትም አልሄደም፤ በቅልቅሉ ውስጥ ሕልውናው አበቃ። «ባከነ» ለዚህ የማይሆነው ስለዚህ ነው፤ «የት?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል፣ እዚህ ግን መልስ የለውም።

«ጠፋ» ሁለት ገጽ አለው። በሬው ጠፋ ሲባል ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ መብራቱ ጠፋ፣ እሳቱ ጠፋ ሲባል ግን መኖሩ አበቃ ማለት ነው፣ የጠፋውን ነበልባል ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ኤክሰርጂ የሚጠፋው በዚህ በሁለተኛው አገባብ ነውና «ኤክሰርጂ ጠፋ» ብሎ መጻፍ ያስኬዳል። ችግሩ «ሥራ» ሲጨመርበት ነው። «ሥራ ጠፋ» በማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚቀጠርበት ቦታ አጣ ማለት ነው፤ «የጠፋ ሥራ» ሲባልም አንባቢው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቅጥር ነው። ጆሮዎን የቆረቆረው ይህ ይመስለኛል። ከዚህ ለመሸሽ «የቀረ ሥራ» የሚሉ አሉ፤ ይህም ከቀደመው የባሰ ነው፣ «ገና የሚሠራ» የሚል ፍጹም ተቃራኒ ትርጉም ይሰጣልና። «የወደመ ኤክሰርጂ» የሚለውንም አልወደውም፤ መውደም ፍርስራሽ አለው፣ ሁከት አለው፣ በጋን ውስጥ የሚሆነው ነገር ግን ማንም ሳያየውና ሳይሰማው የሚያልፍ ነው።

እኔ የምመርጠው «መከነ» የሚለውን ነው። ቃሉ በዘር ለማይፈራ የተነገረ ቢሆንም፣ ዛሬ «ፈንጂ አመከነ» ስንል ሁላችንም እንግባባለን፦ ብረቱ አለ፣ ክብደቱም አለ፣ ሊሠራ ይችል የነበረውን ግን አይሠራም። በጋኑ ውስጥ ያለው ኢነርጂም 4.64 ሆኖ ሳለ ሥራ የመሥራት አቅሙ 0.29 ብቻ ነው። ቃሉ አድራጊንም ስለሚቀበል የሚያመክነውን መጥራት ያስችለናል፤ «የማይቀለበስ ሂደት ሥራን ያመክናል» ብንል ምክንያቱና ውጤቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባሉ።

እዚህ ላይ ስለ «የማይቀለበስ» አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች በምትኩ «የማይመለስ» ይሉታልና። የሞቀው ውኃ ወደ 20 ዲግሪ አይመለስም ማለት ስሕተት ነው፤ ማታ ቢተዉት ይመለሳል። የማይቀለበሰው ሂደቱ ነው፤ ማለትም ውኃውንም፣ ኤሌክትሪኩንም፣ አካባቢውንም በአንድነት፣ ሌላ ቦታ ምንም ምልክት ሳይተዉ፣ እንደ ነበሩ ማድረግ አይቻልም። «መመለስ» ስለ አንድ ነገር፣ «መቀልበስ» ስለ ጠቅላላው አካሄድ ነው፤ እኔ ሁለቱን ለይቼ እጽፋለሁ።

«ኤክሰርጂ» የሚለውን ስም ግን እንዳለ ይተዉት። ስሎቬናዊው መሐንዲስ ዞራን ራንት በ1956 እ.ኤ.አ. ከግሪክ ሥሮች የቀመረው ነው፤ ከዚያ በፊት ነገሩ በየቋንቋው «ሊገኝ የሚችል ሥራ» በሚል ዓይነት አነጋገር ይጠራ ነበር። አማርኛ ኢንትሮፒን እንደ ተቀበለ ይህንንም ቢቀበል አይከብደውም፤ አንድ ጊዜ በጥናቱ መጀመሪያ ይተርጉሙትና ከዚያ ወዲያ ስሙን ብቻ ይጠቀሙ።

የቃላቱ ትክክለኛነት የሚቆመው ግን አካባቢው በግልጽ ከተጻፈ ብቻ ነው። ያው 100 ሊትር የ60 ዲግሪ ውኃ ድሬዳዋ በ35 ዲግሪ ቀን ቢቀመጥ፣ ኤክሰርጂው 0.29 መሆኑ ቀርቶ 0.11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ውኃው ሳይለወጥ ቁጥሩ ተለወጠ። «ይህ ውኃ ይህን ያህል ኤክሰርጂ አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ «በዚህ የሙቀት መጠን አካባቢ» የሚለው ካልተጨመረበት፣ በሰዋስው ሙሉ ሆኖ በትርጉም ጎዶሎ ነው። ሌላው ጥንቃቄ «የመከነ» የተባለው ሁሉ በጥሩ ምህንድስና የሚድን መስሎ እንዳይነበብ ነው። በማንኛውም እውነተኛ መሣሪያ ውስጥ ሙቀት እንዲተላለፍ የሙቀት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ልዩነት ካለ የሚመክን ሥራ አለ። ስለዚህ «ሊድን የሚችል» እና «የማይቀር» የሚሉትን በጥናትዎ ለዩ።

ለዓረፍተ ነገርዎ እንዲህ ቢሉ ይመቻል፦ «በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ ጋኑ ከተቀበለው 4.64 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ውስጥ በግድግዳው የባከነ ኢነርጂ የለም፤ ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ሙቀት ሲለወጥና ሙቀቱ ወደ ውኃው ሲተላለፍ፣ ሂደቶቹ የማይቀለበሱ በመሆናቸው፣ 4.35 ኪሎዋት ሰዓት ሥራ መክኗል።» አለቃዎ «የጠፋ» ይሁን ብለው ከጸኑ፣ «ሥራ» የሚለውን ትተው «የጠፋ ኤክሰርጂ» ይበሉላቸው።