ከአንዲት የሙዝ ጫፍ ብዙ ችግኝ

«ትንሽ ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ እንዴት ሙሉ ተክል ትሆናለች? ችግኝ ጣቢያዎችስ ለምን ይሄን ያህል ይለፋሉ?»

በሙዝ ላሳይህ። ሕያው የተክል ሴል ሙሉ ተክል የሚሠራበትን መመሪያ በውስጡ ይዟል። ምን እንደሚወጣ በአብዛኛው የሚወስነው የሁለት ሆርሞኖች ሚዛን ነው። ሳይቶካይኒን ሲበዛ ቡቃያ፣ ኦክሲን ሲበዛ ሥር ይወጣል። ተመራማሪዎቹ ስኩግና ሚለር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1957 በትንባሆ አሳይተዋል።

ከሙዙ እናት ሥር የበቀለ ልጅ ይወሰድና ይላጣል፣ ይላጣል፤ መሃል ላይ ትንሽ ነጭ ጫፍ ትቀራለች። በበረኪና ትጸዳና ጠርሙስ ውስጥ ስኳር፣ ማዕድንና ሳይቶካይኒን ባለበት፣ አጋር በሚባል እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ላይ ትቀመጣለች። በየ4 ሳምንቱ ገደማ ዙሪያዋን የወጡት ቡቃያዎች ተነጥለው እንደገና ይተከላሉ። በየዙሩ 3 ብቻ ቢገኝ እንኳ በ6 ዙር ከአንዷ 729 ይሆናሉ! ማሳ ላይ ግን አንዲት እናት በዓመት የምትሰጠው ልጅ ጥቂት ነው፤ እሱም ከአፈሩ ትላትል ይዞ ይመጣል። የልፋቱ ምክንያት ይሄ ነው።

የቡቃያዋ ግርጌ ዙሪያ ወተት የመሰለ ደመና ካየህ ባክቴሪያ ነው፤ ጠርሙሱን ሳትከፍት አስወግድ። ዙሩንም አታብዛ፤ እናቱን የማይመስሉ ችግኞች ይበዛሉ። ቫይረስ ደግሞ በዚህ መንገድ ብቻ አይጠፋም፤ እናቲቱ አስቀድማ መመርመር አለባት።

ብዙ ሰው የሚከስረው መጨረሻ ላይ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል ውሃ የሚይዝለት የሰም ሽፋን በደንብ የለውም። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ካወጣኸው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። አጋሩን ከሥሩ እጠብ፣ ጥላ ውስጥ ትከል፣ በላስቲክ ሸፍን፤ ከዚያ ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልክ ክፈት።